የሥልጠና ክፍያ መመለሻ ቀኖች ከየት ይመጣሉ?

ጥያቄ፦ የሦስት ቀን የቆዳ ቦርሳ ሥራ ሥልጠና በክፍያ እሰጣለሁ። ቦታው 16፣ ዋጋው 7,500 ብር ነው። አዳራሽ 24,000፣ አሠልጣኝ 30,000፣ ማስታወቂያ 6,000 ብር ይፈጅብኛል። ለአንድ ሰው ደግሞ ቆዳና መለዋወጫ 1,400፣ ምሳና ቡና 1,500፣ የመመሪያ ጽሑፍ 100 ብር አወጣለሁ። ለአዳራሹ ግማሹን ስይዝ፣ ቀሪውን 14 ቀን ሲቀረው እከፍላለሁ። ምሳ አቅራቢው የሰው ቁጥር የሚቀበለኝ 3 ቀን ሲቀረው ነው። ደንቤ «ሰባት ቀን ሲቀረው ለሰረዘ ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ፣ በዕለቱ ለቀረ ምንም» ይላል። ባለፈው ዙር ስምንት ቀን ሲቀረው አራት ሰዎች ሰረዙብኝ፤ ለሁሉም መልሼ ከሰርኩ። አንዷ ደግሞ በሰባቱ ቀን አቆጣጠር ተጣላችኝ። ቀጣዩ ዙር ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ይጀምራል። ቀኖቹንና መቶኛዎቹን እንዴት ላውጣ?

ምላሽ፦ የእርስዎን ሥራ የሚነኩ ቀኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የአዳራሹ ቀሪ ክፍያ የሚወጣበት ጥር 8፣ ሌላው ለምሳ አቅራቢው ቁጥር የሚሰጡበት ጥር 19 ነው። «ሰባት ቀን» የሚለው ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። በሰባተኛው ቀን ከእጅዎ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ስምንተኛው ቀን ላይ ደግሞ ለአዳራሹ ከከፈሉ ስድስት ቀን አልፎታል። አራቱ ሰዎች ደንብዎን አልጣሱም። ደንቡ ራሱ የመውጫውን በር የዘጋው ወጪው ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው የከሰሩት።

መቶኛ ከመምረጥዎ በፊት አንድ ሰው ሲቀር በትክክል ምን እንደሚያጡ ያስሉ። ከ7,500 ብሩ ውስጥ ለዚያ ሰው ብቻ የሚወጣው 3,000 ብር ነው። የቀረው 4,500 ብር ሰው መጣም ቀረም የማይቀነሰውን የአዳራሽ፣ የአሠልጣኝና የማስታወቂያ ወጪ፣ በድምሩ 60,000 ብር፣ ለመሸፈን ይገባል። አሥራ ስድስቱም ቢመጡ 72,000 ብር ይሰበሰባል፤ ትርፍዎም 12,000 ብር ነው። አሥራ አራት ሰው ቢመጣ 3,000 ብር ይተርፍዎታል፤ አሥራ ሦስት ቢሆን 1,500 ብር ይከስራሉ። ሦስት ሰው ሲቀር ትርፉ ወደ ኪሳራ ይገለበጣል ማለት ነው። ባለፈው ዙር አሥራ ሁለት ሰው ይዘው ሲያስተምሩ የከሰሩት በዚሁ ስሌት 6,000 ብር ገደማ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ወጪ የሆነውን ገንዘብ ሁሉ የጠፋ አድርገው ይቆጥሩታል። የእርስዎ ቆዳ ግን ሰውየው ቢቀርም አይበላሽም። ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ዚፑም፣ ማንጠልጠያውም፣ ክሩም ለሚቀጥለው ዙር ያገለግላል። ስለዚህ ቆዳው የተገዛው ከወር በፊትም ይሁን ትናንት፣ 1,400 ብሩ በሰራዡ ምክንያት የደረሰ ኪሳራ አይደለም። የኬክ ወይም የምግብ ሥራ ሥልጠና ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ የተገዛው እንቁላልና ክሬም ስለማይቆይ የግዢው ቀን ራሱን የቻለ የጊዜ ገደብ ይሆን ነበር። በእርስዎ ዘንድ ተበልቶ የሚያልቀው ምሳው ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠፋው ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ ነው።

እንግዲህ የጊዜ ገደቦቹን ከእነዚህ ሁለት ቀኖች ጥቂት ቀደም አድርገው ይትከሏቸው፤ በዚያው ዕለት ካደረጓቸው ለመወሰኛ ጊዜ አይተርፍዎትም። የመጀመሪያውን ረቡዕ ጥር 6፣ ሁለተኛውን ሰኞ ጥር 18 እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ጥር 6 ማታ ስንት ሰው እንደቀረዎት ያውቃሉ፤ ለአዳራሹ የሚከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው። እስከ ጥር 6 የሰረዘ ሰው 300 ብር የመዝገብና የማስተላለፊያ ወጪ ብቻ ተቀንሶለት 7,200 ብር ይመለስለት። ይህን 300 ብር ከፍ አድርገው እንደ ቅጣት አይጠቀሙበት። ማመንታት የጀመረ ሰው ቶሎ ቢነግርዎ የሚጠቀሙት እርስዎ ነዎት፤ ቀድሞ መውጣት ውድ ከሆነ ሰዉ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ሳምንት ይቆያል።

አስቸጋሪው ከጥር 6 እስከ ጥር 18 ያለው የመካከሉ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የሰረዘ ሰው ቦታውን ሌላ ሰው ከያዘው ምንም አያጎድልብዎትም፤ ካልተያዘ ግን 4,500 ብር ያጎድላል። የትኛው እንደሚሆን በሰረዘበት ቀን አይታወቅም። «ግማሽ» የሚለው ደንብ ይህን ባለማወቅ ላይ የተጣለ ዕጣ ነው፤ ቦታው ሲሸጥ ሰውየውን ይጎዳል፣ ሳይሸጥ ሲቀር እርስዎን ይጎዳል። ስለዚህ መቶኛውን ይተዉትና ገንዘቡን ለሁለት ይክፈሉት። ያልወጣው 3,000 ብር ወዲያው ይመለስ። ከቀሪው 4,500 ብር ውስጥ 300 ብሩ ተቀንሶ 4,200 ብር ቦታው ከተያዘ ይመለስ፤ ካልተያዘ አይመለስ። ሰራዡም ሰው ፈልጎ ለማምጣት ምክንያት ያገኛል፤ በተግባርም ከማስታወቂያ ይልቅ በዚህ መንገድ የሚሞላው ቦታ ይበዛል።

«ቦታው ከተያዘ» የሚለው ሐረግ ግን በትክክል ካልተተረጎመ አዲስ ጠብ ይወልዳል። አሥራ ስድስት ቦታ ኖሮ አሥራ ሦስት ሰው ብቻ ተመዝግቦ ነበር እንበል፤ አንዱ ሰረዘ፣ በማግስቱ አዲስ ሰው ከፈለ። ሰራዡ «ይኸው ቦታዬ ተሸጠ» ብሎ ይመጣል። አዲሱ ሰው ግን ሰራዡ ባይወጣም ከነበሩት ሦስት ክፍት ቦታዎች አንዱን ይይዝ ነበር፤ ስለዚህ ጉድለትዎ አልተሞላም። ደንቡ እንዲህ ይበል፤ በቅድሚያ የሚሞሉት ያልተሸጡት ቦታዎች ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የተሰረዙት በተሰረዙበት ቅደም ተከተል ይሞላሉ። ሰራዡ ራሱ የሚያመጣው ምትክ ግን ከዚህ ተራ ውጭ ነው፤ በቀጥታ የእሱን ቦታ ይይዛል። የመጨረሻው ቆጠራም ሥልጠናው በሚጀምርበት ቀን ጠዋት ይደረግ።

ይህን ደንብ ባለፈው ዙር ላይ ያስኪዱት። አራቱ ሰዎች ስምንት ቀን ሲቀረው ሲሰርዙ ለእያንዳንዳቸው 3,000 ብር ወዲያው ይመልሳሉ፤ ከእያንዳንዳቸው 4,500፣ በድምሩ 18,000 ብር በእጅዎ ይቀራል። አንድም ቦታ ሳይሸጥ ቢቀር እንኳ አሥራ ስድስት ሰው እንደመጣ ያህል 12,000 ብር ያተርፋሉ። ሁለቱ ቦታዎች ቢሸጡ ከአዲሶቹ ሰዎች 9,000 ብር ይጨመርልዎታል፤ ለሁለቱ ሰራዦች 8,400 ብር ይመልሳሉ፤ ልዩነቱ 600 ብር ብቻ ነው። ደንቡ ትክክል መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ ሰው ሲሰርዝ እንዳይከስሩ ያደርጋል፣ ከመሰረዙም ይህ ነው የሚባል ትርፍ አይሰጥዎትም። ከሰራዦች ብዛት ትርፉ የሚያድግ ደንብ ካዩ የሆነ ቦታ አንድን ወንበር ሁለቴ እየሸጠ ነው።

ከጥር 18 በኋላ ምሳው ታዝዟልና በዚህ ጊዜ ገንዘብ መመለስ አይቻልም ቢሉ ብዙ ሰው ይቀበለዋል። በስሌት ካየነው ግን የቆዳውና የጽሑፉ 1,500 ብር አሁንም አልጠፋም። ይህን በጥሬ ገንዘብ ከመመለስ ሁለት አማራጭ መስጠት ይሻላል። አንደኛው በምትኩ ሌላ ሰው መላክ ነው፤ ይህ እስከ መጀመሪያው ቀን ጠዋት ድረስ ያለ ምንም ክፍያ ይፈቀድ፣ የተተኪው ስምና ስልክ ብቻ ይድረስዎ። ሁለተኛው ወደሚቀጥለው ዙር መዛወር ነው።

መዛወር ደግ ነገር ስለሚመስል ብዙ አዘጋጅ በነፃ ይሰጠዋል፤ እኔም በአንድ ወቅት እንዲሁ አደርግ ነበር። በሦስተኛው ዙር ላይ መዝገቤን ስከፍት ግን ከሃያ ቦታ ስድስቱ ገንዘባቸውን ቀደም ሲል አውጥቼ በጨረስኩባቸው ሰዎች ተይዟል። ክፍሉ ሞልቶ ይታያል፣ ካዝናው ባዶ ነው። ስለዚህ ለዝውውር ገደብ ያድርጉለት። የተዛወረው ሰው በሚቀጥለው ዙር ቦታ የሚያገኘው በዚያ ዙር ሁለተኛ የጊዜ ገደብ ማታ ሳይሸጥ የቀረ ቦታ ሲኖር ነው፤ የተጠቀለለው ቆዳ ስለሚጠብቀው እንደገና የሚከፍለው የምሳውን 1,500 ብር ብቻ ነው። ዝውውሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሁለት ዙር ሳያልፍ ይሁን።

በዝውውር ውስጥ የተደበቀ አንድ ቀዳዳ አለ። ሰውየው ጥር 20 ቀን ይደውልና ወደ መጋቢት ዙር ይዛወራል። በማግስቱ ደግሞ «ከመጋቢቱ ዙር መሰረዝ እፈልጋለሁ፤ ገና ሁለት ወር ስለሚቀረው 7,200 ብሬን መልሱልኝ» ይላል። በወረቀት ላይ የጻፉትን ቃል በቃል ካነበብነው እውነት አለው። መድኃኒቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተዛወረ ክፍያ የሚታየው መጀመሪያ በተመዘገቡበት ዙር ቀኖች ነው፤ በአዲሱ ዙር ቀኖች አይታይም።

አሁን ወደ ቆጠራው ልመለስ። «ሰባት ቀን ሲቀረው» ያሉት ለሦስት ሰው ሦስት ቀን ነው። ከ22 ላይ 7 የቀነሰ ሰው ጥር 15 ይላል፤ የመጀመሪያውን ቀን አብሮ የቆጠረ ጥር 16 ይላል፤ በመካከሉ ሰባት ሙሉ ቀን ሊኖር ይገባል የሚል ደግሞ ጥር 14 ላይ ያቆማል። ሦስቱም አያፍሩበትም። ስለዚህ በማስታወቂያውም ሆነ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ የሚቀር ቀን ቆጥረው አይጻፉ፤ ዕለቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ከተመዝጋቢዎችዎ መካከል ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ወይም ከውጭ አገር ለእኅቱ የሚከፍል ሰው አይጠፋምና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ጥር 6 የእነሱ ጃንዋሪ 14፣ ጥር 18 ደግሞ ጃንዋሪ 26 ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ የባሰ ያጣላል። «እስከ 12 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ለአንዱ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ለሌላው እኩለ ቀን፣ ለሦስተኛው እኩለ ሌሊት ነው። «ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በስልክ ሰዓት 18:00» ብለው ቢጽፉ ክርክሩ ያበቃል። የሚቆጠረው መልእክቱ የደረሰበት ሰዓት እንዲሆን፣ መልእክቱም በአንድ በተወሰነ ስልክ ወይም ቴሌግራም በጽሑፍ እንዲላክ ያድርጉ። በቃል የተነገረ፣ በጓደኛ የተላከ ወይም ያልተነሣ ጥሪ እንደ ስረዛ አይቆጠር። በመካከሉ ከተራና ጥምቀት እንዳሉም አይርሱ፤ ጥር 10 እና 11 ስልክ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ስለሆነ ክፍት ቦታ ለመሙላት የሚቀርዎት ጊዜ በወረቀት ላይ ከሚታየው ያጥራል።

የጊዜ ገደቡ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት፣ ማለትም ጥር 4 እና ጥር 16፣ ለተመዘገበው ሁሉ አጭር ማስታወሻ ይላኩ። እኔ የምልከው ይህን የመሰለ ነው፦ «የሥልጠናው ቦታዎ ተይዞልዎታል። የማይመችዎ ከሆነ እስከ ረቡዕ ጥር 6 ከምሽቱ 12 ሰዓት ቢያሳውቁን 7,200 ብር እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ ወዲያው የምንመልሰው 3,000 ብር ይሆናል።» ይህን መልእክት መላክ ሰው እንዲሰርዝ መጋበዝ መስሎ የሚፈራ አለ። ይጋብዛልም፤ የሚጋበዘው ግን ለማንኛውም ሊቀር የነበረው ሰው ነው፣ የሚነግርዎም ገና ሌላ ሰው መፈለግ በሚችሉበት ጊዜ ነው።

በምዝገባ ጊዜ ከክፍያው ከፊሉን የሚቀበሉ ከሆነ «ቀብድ» የሚለውን ቃል በቅጹ ላይ አይጠቀሙ። ቃሉ በሕግ የራሱ ውጤት አለው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ወገኖቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን በመልቀቅ ውሉን ሊተው ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 2,000 ብር ቀብድ ተቀብለው አዳራሹ ቢበላሽብዎና ሥልጠናውን ቢሰርዙ 4,000 ብር የሚጠይቅዎ ሰው መሠረት አለው ማለት ነው። «ቅድመ ክፍያ» ይበሉት፤ ሲሰረዝ የሚሆነውንም በዚያው ገጽ ላይ ጽፈው ከመክፈላቸው በፊት ያስፈርሙ ወይም «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ይቀበሉ። ገንዘቡ በቴሌብር ከገባ በኋላ የተላከ ደንብ ማስታወቂያ እንጂ ስምምነት አይባልም።

ሕመምና ለቅሶ በየጊዜው ይመጣሉ፤ በየጊዜው አዲስ ውሳኔ ከሰጡ ደግሞ የአንዷን ሰምተው የሌላዋን እንዳልሰሙ ይወራል። አስቀድመው ይወስኑት፤ የራሱ ሕመም ወይም የቅርብ ዘመድ ሞት የገጠመው ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ተደርጎ ይታያል። ከጥር 18 በኋላ ቢሆን እንደ መካከለኛው ጊዜ፣ በመካከለኛው ጊዜ ቢሆን እንደ መጀመሪያው ይቆጠራል። ለሕመም የሐኪም ወረቀት መጠየቅ ይቻላል። ለለቅሶ ማስረጃ መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ በዚህ የሚዋሽ ሰው ቢኖር እንኳ ኪሳራውን መቀበል እመርጣለሁ። ለዚህ ሲባል በየዙሩ የአንድ ሰው 4,500 ብር ከትርፍዎ ላይ እንደማይገኝ አድርገው ያቅዱ።

እርስዎ ራስዎ ሲሰርዙ ደንቡ አንድ መስመር ብቻ ይሁን፤ ቀኑ ምንም ይሁን ምን 300 ብሩም ሳይቀነስ 7,500 ብር በሙሉ ይመለሳል። ቀኑን ቢያዛውሩ አዲሱን ቀን የመቀበል ወይም ገንዘቡን የመውሰድ ምርጫው የተመዝጋቢው ነው። ስለዚህ ጥር 7 ቀን ጠዋት የሚወስኑት ውሳኔ ከባድ ነው፤ «አሥራ አራት ሰው ካልሞላ እሰርዛለሁ» ማለት ግን ስሕተት ነው። በዚያን ቀን የአዳራሹ ግማሽ 12,000 ብርና የማስታወቂያው 6,000 ብር ወጥተዋል፤ ቢሰርዙም አይመለሱም። ገና ያልወጣው የአዳራሹ ቀሪ 12,000 እና የአሠልጣኙ 30,000፣ በድምሩ 42,000 ብር ነው፤ ይህም አሠልጣኙ በዚያ ቀን ቢሰረዝ ክፍያ አልጠይቅም ብሎ ከተስማማ ነው። አሥር ሰው ካለዎት 45,000 ብር ስለሚያስገቡ ቢቀጥሉ 15,000 ብር፣ ቢሰርዙ 18,000 ብር ይከስራሉ፤ መቀጠሉ ይሻላል። ዘጠኝ ሰው ከሆነ በመቀጠል የሚከስሩት 19,500 ብር ነውና በወረቀት ላይ መሰረዝ ይሻላል። ከጥር 7 በኋላ አንድ ሰው ብቻ ቢጨመር ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚመዘገቡ ሰዎች ብዛት ከቀደሙት ዙሮች መዝገብ ላይ ታይቶ ይወሰናል።

የሚመለሰው ገንዘብ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈል፤ የሚከፈለውም ገንዘቡ በመጣበት ሒሳብ ይሁን። ድርጅት ለሠራተኛው ከፍሎ ሠራተኛው ሲሰርዝ ገንዘቡ ለድርጅቱ እንጂ ለሠራተኛው አይላክም፤ ይህን ሳይጽፉ ከቀሩ አንድ ቀን ለሁለቱም ይከፍላሉ። የመካከለኛው ጊዜ ሰራዦች 4,200 ብር የሚታወቀው ጥር 22 ጠዋት ስለሆነ የእነሱ አምስት ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ዕለት ነው።

ለጥር ዙር ቀደም ብለው የከፈሉ ሰዎች ካሉ እነሱን በአሮጌው ደንብ ይጨርሷቸው፤ የተስማሙት በእሱ ነው። አዲሱ ደንብ የሚሠራው ከታተመበት ቀን በኋላ ለሚከፍሉት ብቻ ነው፤ በመዝገብዎ ላይም በእያንዳንዱ ስም ፊት በየትኛው ደንብ እንደገባ የሚያሳይ አንድ ዓምድ ይጨምሩ።